በልጄ ጉንጭ ላይ የሞላሁት ቁጥር

ለሰው ስናገር የኖርኩት የታሪኩን ግማሽ ነው። «ሌዘሩ ልጄን አቃጠላት» እላለሁ። ሰሚው «ውይ! እነዚህ ሰዎች!» ይላል፣ እኔም ከንፈሬን እመጥጣለሁ፣ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። ሌላውን ግማሽ ዋጥ አድርጌ ነው የከረምኩት። ዛሬ ግን ላመሰግናቸው የሚገባኝ ሰዎች አሉ፤ ምስጋናው ደግሞ ያለ ኑዛዜው አይሆንልኝም። ስለዚህ ጉዴን ራሴ ላውጣው።

ሴት ልጄ አንድ ናት። ከሦስት ወንዶች በኋላ ስለመጣች ቤታችን ውስጥ ንግሥት ናት። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ፊቷ በብጉር ተመታ። ብጉር ስል እንደ እኛ ጊዜ አንድ ሁለት ፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ ጉንጮቿ አብጠው ትራስ ላይ መተኛት ያቅታት ነበር። በኋላ ኩፓት ሆሊም የሚባለው የጤና ድርጅታችን ሐኪም ጠንከር ያለ ክኒን አዘዘችላት፣ ብዙ ወር ወሰደችው፣ ብጉሩም ጠፋ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ እብጠቱ ሸፍኖት የነበረው ጉድጓድ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ፀጉሯን ወደ ፊት ለቀቀችው። አውቶቡስ ውስጥ የባሰው ግራ ጉንጯ ወደ መስኮቱ እንዲሆን እየመረጠች ትቀመጣለች። አንድ ቀን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ድግስ ቀሚስ ልንገዛ ሄድን፤ መለኪያው ክፍል ውስጥ መብራቱ ከአናት ላይ ቁልቁል የሚወርድ ነበር። ገባች፣ ወዲያው ወጣች። ቀሚሱን አልለካችውም። «ኢማ፣ እንሂድ» አለችኝ፤ ኢማ በዕብራይስጥ እማ ማለት ነው። ለምን ብዬ እኔም ገባሁና መስታወቱ ፊት ቆምኩ፤ በዚያ መብራት እኔ ራሴ ብጉር ወጥቶብኝ የማላውቀው ሴትዮ የተቆፈረ መሬት መስያለሁ። አንጀቴን በላችው። በዚያው ሳምንት መሀል ከተማ ወዳለ አንድ የውበት ቤት ደውዬ ሌዘር ቀጠሮ ያዝኩላት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ስወለድ ጎንደር ያሉ ዘመዶቼ መጀመሪያ ያሉት «ቀይ ናት!» ነው አሉ። እኛ ዘንድ ቀይ የሚባለው ከጠይሙ ፈካ ያለ ቡናማ መልክ ነው። ከአምስት እኅትማማቾች ቀይዋ እኔ ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣ ወደፊት የምገፋው እኔ፣ ሠርግ ላይ ፊት የምቀመጠው እኔ። ሰባት ዓመቴ ላይ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጭነው ሲያመጡን ማዕረጌም አብሮኝ መጣ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ለሚያየኝ ሁሉ ጥቁር ነኝ፤ ወላጆቼ ቤት ስገባ ግን አሁንም ቀይዋ ነኝ። ባሌ ጥቁር ነው፤ ጥቁርና መልከ መልካም። ልጄ ቁርጥ እሱን ናት። እኔ ግን ከተወለደች ጀምሮ «እኔን ነው የምትመስለው፤ ፀሐይ ነው ያጠቆራት» ስል ኖርኩ። ዘመድ ይስቅብኝ ነበር። እኔ የምሬን ነበር።

የውበት ቤቱ ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቅጽ ሰጠችን። ልጄ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ስለነበር የምሞላውም የምፈርመውም እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ ስድስት ፊቶች በተርታ ተሥለዋል፤ አንደኛው ወተት የመሰለ፣ ስድስተኛው ድፍን ጥቁር። «የቆዳዋን ዓይነት ምረጪ» ይላል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። አምስተኛው ፊት ቁርጥ እሷን ነበር፤ አላየሁትም ብል ውሸት ነው። እጄ ግን አለፈው፤ አራተኛውንም አለፈውና ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ብዕሩም አልተንሸራተተም።

ሠራተኛዋ ቅጹን አየች፣ ልጄን አየች። «እርግጠኛ ነሽ? ሦስት ነው?» አለችኝ። በቀስታ ነበር የጠየቀችኝ፣ አሁን ሳስበው ልጅቷ ሥራዋን እየሠራች ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ! በዚህ አገር ስንት ዓመት ስለ ቀለማችን የሰማሁት ሁሉ ባንዴ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። «የወለድኳትን ልጅ አንቺ ልትነግሪኝ ነው? እኛን ስታዩ ሁላችንም አንድ ቀለም እንመስላችኋለን አይደል?» አልኳት፤ ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ። ልጅቷ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ማሽኑንም ለሦስት ቁጥር አስተካከለችው። ዝም በማለቷ ጥፋት አለባት፤ ዝም ያሰኘኋት ግን እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም እንደተባለው ሆነ። ፊቷ ቀላ፣ አበጠ፣ ደቃቅ ቅርፊት ያዘና ረገፈ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ለስላሳ ነበር፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ቁርስ ስትበላ ጉንጯ ላይ ጥላ ያረፈ መሰለኝ። ጥላ አልነበረም። ማሽኑ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አራት ማዕዘን እየሠራ ጠቁሯል፤ በየአራት ማዕዘኑ ውስጥ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ተራ የያዙ ጥቋቁር ነጠብጣቦች። ጉድጓዶቹ ደግሞ እንዳሉ ናቸው! ጎረቤቴ ሎሚና ማር ቀቢላት አለችኝና ቀባሁላት፤ ይባስ ብሎ አቃጠላት።

ባሌ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭቅጭቅ ችሎ ስለሚውል ቤት ውስጥ አይቆጣም። ያን ጊዜ ግን ነደደ። «እንዲህ ያለች ጥቁር ልጅ ፊት ላይ እንዴት እሳት ይለቃሉ? ዓይን የላቸውም?» እያለ ጠበቃ ሊፈልግ ተነሣ። የሕክምናውን ወረቀት ላኩልኝ ብሎ ጻፈላቸው፤ ዛሬ ነገ ይሉታል። እኔም አብሬው ረገምኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ማለት ይሄ ነው። ልጄ ክፍሏን ዘግታ ትሰማን ነበር፣ አንድ ቃል አልተናገረችም።

የቆዳ ሐኪሟን ያገኘናቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ክሊኒካቸው ኪርያት ሀሻሮን በሚባለው ሰፈር ሕንጻዎች መካከል አንድ ምድር ቤት ነው። ገና ከመግባታችን የጣሪያውን መብራት አጠፉትና በእጅ የምትያዝ ትንሽ መብራት ከጉንጯ ጎን አበሩ። ልጄ ፊቷን ልታዞር ስትል አገጯን ያዝ አድርገው «እኔ የማየው ጠባሳውን ነው፤ አንቺንማ ቆንጆ እንደሆንሽ ሳትገቢ አይቻለሁ» አሏት። እግዜር ይስጣቸው፣ ልጄ ስትስቅ ካየኋት ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ከዚያ እንደ አስተማሪ በጣታቸው እየነኩ አሳዩን። «ሁሉንም ጠባሳ ትሉታላችሁ እንጂ ሦስት ዓይነት ነው። ይሄ ጠባቡ በመርፌ የተወጋ የሚመስለው ነው፤ አፉ ትንሽ፣ ጥልቀቱ ብዙ። ይሄ ሰፋ ያለው ደግሞ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። ይሄን ተመልከቱ» አሉና የጉንጯን ቆዳ በሁለት ጣት ወጠር አደረጉት። ከፍ ዝቅ ይል የነበረው ቦታ ጠፋ፤ ሲለቁት ተመለሰ። «ይሄ ሞገድ የሚመስለው ነው። ላይኛው ቆዳ ምንም አልሆነም፤ ከሥር ወደ ታች የሚጎትተው ክር መሰል ጅማት አለ። ከላይ ብታቃጥሉት ክሩ አይለቅም። ከልጅሽ ጠባሳ አብዛኛው ይሄ ነው።» ያን ሁሉ ያቃጠልናት ለማይሆን ነገር ነበር ማለት ነው።

ባሌ «ታዲያ ጥቁር ቆዳ ሕክምና አይችልም ማለት ነው?» አላቸው።

«ይችላል እንጂ! ጥቁር ቆዳ ደካማ አይደለም» አሉት። «ቀለም የሚሠራው ክፍሉ ንቁ ነው፤ ሙቀትም ቁስልም ሲያገኘው ተቆጥቶ ቀለም ያፈሳል። ስለዚህ ላዩን በማያቃጥል መንገድ እንሄዳለን። ከሥር የሚጎትተውን በመርፌ እንፈታዋለን። ሰፋ ላለው ደቃቅ መርፌዎች ያሉት መሣሪያ አለ፤ ይወጋል እንጂ አይልጥም። ለጠባቡ ጠንካራ አሲድ ጠብታ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ፣ ጠርዙን ሳይነካ፤ እሱም ሊያጠቁርም ሊያነጣም ስለሚችል በጥቂቱ። ከሁሉም በፊት ግን ይሄ አሁን የጠቆረው መርጋት አለበት።»

ቀጥለው እስክሪብቷቸውን አነሡ፣ ያንኑ የስድስት ፊቶች ሥዕልም ፊታችን ዘረጉ። «አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። የውበት ቤቱ በስንት ቁጥር ቆዳ ነው የሠራላት?»

«በአምስት ነዋ!» አለ ባሌ። «በምን ሊሠሩላት ነው ሌላ?»

ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ልጄን ረዘም አድርገው አዩአት። «በአምስት አስተካክለው፣ ኃይሉን ዝቅ አድርገው እንዲህ ከጠቆረች፣ ቆዳዋ እጅግ ቁጡ ነው ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ በመርፌም ቢሆን ለመንካት እፈራለሁ። በክሬም ብቻ እንቆይ። ጠባሳው ይኖራል፤ አንድ ቀን ምናልባት እንሞክራለን» አሉ።

ልጄ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ አውጥታ ጉንጯ ላይ መለሰችው። ያቺን እንቅስቃሴ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያን ቀን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርጋት ታየችኝ፤ ሥራ ስትገባ፣ ስታገባ፣ ልጇን ስታቅፍ። አሁን ካልተናገርኩ በኔ ውሸት ላይ ሐኪም ሊፈርድባት ነው።

«በሦስት ነው የሠሩላት» አልኩ።

ባሌ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ሦስት ያልኩት። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛዋ ጠይቃኛለች፣ ጮኼባታለሁ።»

ሊያፍሩብኝ፣ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሐኪሟ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉና «ጎሽ። ይሄ መልካም ዜና ነው» አሉኝ። መልካም ዜና! «ማሽኑ ለሌላ ሰው ቆዳ ነበር የተስተካከለው። እንግዲያውስ መጥቆሩ አያስገርምም። ቆዳዋ ሕክምና አይችልም ማለት አይደለም። ጊዜ ወስደን፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሞክረን፣ እንሠራላታለን።» ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን የነዳው ባሌ ነው። ሰፈራችን ነቬ ኢታማር፣ በራችን ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ፣ አልወረደም። «እኔን መምሰሏ እንዲህ ከብዶሽ ኖሯል?» አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እንደዚያች ቃል የወጋኝ የለም። አይደለም ብዬ ልምል አፌን ከፈትኩ፤ መማል አቃተኝ። አለቀስኩ። ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አላወራኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጃችንን ጠርቶ የታዘዘላትን ክሬም በገዛ እጁ ሲቀባት አገኘሁት፤ «ነይ፣ አንቺም እዪ፣ ስንት መጠን እንደሆነ» አለኝ። ይቅር ያለኝ በዚህ ነው። ይሄ ሰው ጠበቃውንም ተወው፣ ለዘመድም አንድ ነገር ሳይተነፍስ ሸሸገኝ። የኔን ኃጢአት የተሸከመልኝ ሰው ነውና ዕድሜውን ያርዝመው።

ሎሚው ተጣለ። ጠዋት ጠዋት ቀለም ያለው የፀሐይ ክሬም፤ ነጩ አመድ ያስመስላታል፣ ባለቀለሙ ደግሞ የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል አሉን። በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። ማታ የሚያደበዝዝ ክሬም። የናታንያን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ባሕሩ ዳር ያለው በጋ ቀልድ አይወድም። ጓደኞቿ ሲዋኙ እሷ ጃንጥላ ሥር ባርኔጣ ደፍታ ትቀመጣለች። እኔ በምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ በዕረፍቴ እየደወልኩ «ቀባሽ?» እላለሁ። «ቀባሁ፣ ቀባሁ፣ ኢማ ዳይ!» ትለኛለች፤ በቃሽ ማለቷ ነው። ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሆነው አራት ማዕዘኖቹ ደብዝዘው ደብዝዘው ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚታዩ ሆኑ።

ያኔም ሐኪሟ አልቸኮሉም። ጆሮዋ አጠገብ፣ መንጋጋዋ ጠርዝ ላይ የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ሞከሩና ሁለት ወር ጠብቁ አሉ። ሁለት ወር! እኔ በየቀኑ በመስኮት ብርሃን አያታለሁ፤ ልጄ «ቦታዋን በዓይንሽ ጨረስሻት» ትለኛለች። አልጠቆረችም። ከዚያ በኋላ ዋናውን ጀመሩ። አደንዝዘው መርፌዋን ከቆዳው ሥር አስገቡና ግራ ቀኝ ሲያንቀሳቅሷት ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እጄን ጨምቃ የያዘችው ልጄ «እኔን አያመኝም፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። ፊቷ ለሁለት ሳምንት ያህል በልዞ ሰነበተ። ብልዙ ሲለቅ ጉንጯ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሳምንታት ልዩነት ደቃቅ መርፌው ሦስት ጊዜ ተደረገላት፤ ጠባቦቹ ላይ የአሲዷ ጠብታ፣ ሁለት ጊዜ። እያንዳንዱ ከመደረጉ በፊት ሐኪሟ ያለፈውን ቦታ በዚያች መብራት ይፈትሹታል፤ የጠቆረ ካለ ወደ ቤት ይመልሱናል። አንድ ጊዜ መልሰውናል፤ «ዛሬ አልነካትም» አሉ። በመንገዴ ሁሉ አመሰገንኳቸው። ልጄን አልነካም ብሎ የሚመልስ ሐኪም ማግኘት እንዴት ያለ በረከት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሁሉም አልጠፋም። ሐኪሟ ከመጀመሪያው «ሁሉም አይጠፋም» ብለውን ነበር። ጥቂት ጉድጓዶች አሉ፤ ፈልጎ ለሚያይ ይታያሉ። ልጄ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ብሔራዊ አገልግሎቷን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ትሰጣለች። ፀጉሯን ጠቅልላ ወደ ላይ ታስረዋለች።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ወጥ ቤት አብረን ስንሠራ ዝም ያልኩበትን ነገር አነሣሁባት። ሐኪሟ ዘንድ ስናዘዝ ልጄ እንዳልደነገጠች አስተውዬ ነበር። አባቷ ደነገጠ፣ ሐኪሟም ቅንድባቸው ተነሣ፤ እሷ ግን ጣቶቿን ትመለከት ነበር።

«ታውቂ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ምልክት ስታደርጊ አይቻለሁ» አለችኝ፤ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

ወይ ጉዴ! ያን ሁሉ ወር፣ አባቷ ሲነድ፣ እኔ ሰው ስረግም፣ ይቺ ልጅ በሩን ዘግታ ስትሰማኝ፣ ታውቅ ነበር። «ታዲያ ለምን አላጋለጥሽኝም? ያን ዕለትስ፣ ተሳስተሻል ብትዪኝ ምን ነበረበት? ፊትሽ እኮ ነው!»

ቢላዋውን አስቀመጠችው። በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

«ስታደርጊው ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «እኔም ሦስት መሆን ፈልጌ ነበር።»

ያንን ከማን እንደተማረችው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት እያለ ፊቷን ያዝኩት፤ ጉንጯን ከነቀሩት ጉድጓዶች፣ ከአባቷ ከወረሰችው ጥቁረት ጋር። ይቅር በይኝ አልኳት። «ኢማ፣ እጅሽ ያቃጥላል» አለችኝ፣ ግን ፊቷን አልወሰደችም።